በብራና ገጽ ላይ አንዲት ፊደል መፈለግ፦ ኖርማላይዝድ ክሮስ ኮሪሌሽን እንዴት ይሠራል?

በጎጃም አድባራትና ገዳማት ዕቃ ቤቶች የተቀመጡ የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ሲነሡ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው የሚነበብ ጽሑፍ ሳይሆን የቁጥሮች ሰሌዳ ነው። እያንዳንዷ የምስሉ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ በጥቁርና ነጭ ምስል ላይ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ አንድ ቁጥር ትይዛለች፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ድፍን ነጭ ነው። አንድ ተመራማሪ የአንድን ዳዊት ገጾች አንሥቶ፣ መጽሐፉን አንድ ቁም ጸሐፊ ብቻ ጽፎት እንደሆነ ወይም ሁለት እጅ ገብቶበት እንደሆነ ለማየት ፈለገ እንበል። ለዚህ ከሁሉ ገጽ «በ»ን እየለቀመ ቅርጿን ጎን ለጎን ማስተያየት ይኖርበታል። ይህን በዓይን ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን መቶ ሃምሳ መዝሙር ያለበትን መጽሐፍ ፊደል በፊደል መልቀም እጅግ አድካሚ ነው። ኮምፒውተሩ ፊደሉን ማንበብ ባይችል እንኳ፣ ከገጹ ላይ ተቆርጣ የተሰጠችውን አንዲት «በ» የሚመስሉትን ቦታዎች ሁሉ ሊያመለክት ይችላል። ይህ ሥራ ናሙናን ከምስል ጋር ማዛመድ ይባላል፤ በብዛት የሚሠራበትም ስሌት ኖርማላይዝድ ክሮስ ኮሪሌሽን ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ተቆርጣ የወጣችው ትንሽ ምስል ናሙና ትባላለች። ናሙናዋ በገጹ የላይኛው ግራ ጥግ ላይ ትቀመጥና ከሥሯ ካለው የገጹ ክፍል ጋር ምን ያህል እንደምትመሳሰል የሚናገር አንድ ቁጥር ይሰላል። ከዚያ አንድ ፒክስል ወደ ቀኝ ትዛወርና እንደገና ይሰላል፤ መስመሩ ሲያልቅ አንድ ፒክስል ወደ ታች ወርዳ ከግራ ትጀምራለች። ገጹ 2000 ፒክስል ስፋትና 3000 ፒክስል ቁመት ቢኖረው፣ ናሙናዋም 40 በ50 ብትሆን፣ ልታርፍባቸው የምትችላቸው ቦታዎች 1961 ጊዜ 2951፣ ማለትም 5,786,911 ናቸው። በመጨረሻ የሚገኘው ሌላ ምስል ነው፤ እያንዳንዷ ነጥቡ ናሙናዋ እዚያ ስታርፍ ያገኘችውን የመመሳሰል ውጤት ትይዛለች። የምንፈልገው ፊደል ያለው ውጤቱ ከፍ ባለበት ቦታ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ዋናው ጥያቄ ያ የመመሳሰል ቁጥር እንዴት ይሰላ የሚለው ነው። መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መንገድ የናሙናዋን እያንዳንዱን ፒክስል ከሥሩ ባለው የገጹ ፒክስል አባዝቶ ብዜቶቹን መደመር ነው። ይህ ተራው ክሮስ ኮሪሌሽን ነው። ለምን እንደማይበቃ ለማሳየት «በ»ን በወገቧ ላይ በአግድም ቆርጠን አምስት ፒክስል ብቻ እንያዝ፦ ብራና፣ የግራ እግር፣ ብራና፣ የቀኝ እግር፣ ብራና። ቁጥሮቹ 200፣ 50፣ 200፣ 50፣ 200 ይሁኑ። ይህች ቁራጭ ከራሷ ጋር ስትባዛና ስትደመር 125,000 ትሰጣለች። አሁን ናሙናዋ ምንም ባልተጻፈበት፣ ብርሃን በደንብ ባረፈበት ኅዳግ ላይ ብታርፍና አምስቱም የገጹ ፒክስሎች 220 ቢሆኑ፣ ድምሩ 154,000 ይሆናል። ባዶው ብራና ከትክክለኛዋ ፊደል በለጠ ማለት ነው። በአንጻሩ ያችው «በ» መስኮቱ ብርሃን በማይደርስበት በገጹ ጨለማ ጎን ተጽፋ፣ እያንዳንዱ ቁጥር በግማሽ ወርዶ 100፣ 25፣ 100፣ 25፣ 100 ብትሆን፣ የምታገኘው 62,500 ብቻ ነው። ስለዚህ ተራው ብዜት የሚለካው ቅርጽን ሳይሆን በአመዛኙ ብርሃንን ነው፤ የዕቃ ቤት ፎቶግራፍ ደግሞ ብርሃኑ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው።

መፍትሔው ሁለት እርምጃ አለው። የመጀመሪያው ከእያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ቁራጭ አማካይ መቀነስ ነው። የናሙናችን አማካይ 140 ስለሆነ ቁጥሮቹ 60፣ -90፣ 60፣ -90፣ 60 ይሆናሉ። በጨለማው ጎን ያለችው ፊደል አማካይ 70 ነው፤ ሲቀነስ 30፣ -45፣ 30፣ -45፣ 30 ይተርፋል። አሁን ቁጥሮቹ የሚናገሩት «ይህ ነጥብ ምን ያህል ብሩህ ነው» የሚለውን ሳይሆን «ይህ ነጥብ በዙሪያው ካለው ምን ያህል ይለያል» የሚለውን ነው። ሁለተኛው እርምጃ የብዜቱን ድምር የሁለቱ ቁራጮች ልዩነት በሚለካ ቁጥር ማካፈል ነው፦ የናሙናዋ ልዩነቶች እያንዳንዳቸው ከራሳቸው ጋር ተባዝተው ይደመራሉ፤ የገጹም እንዲሁ፤ ሁለቱ ድምሮች ይባዙና ስኩዌር ሩታቸው ይወሰዳል። በቀመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፤ `T` ናሙናዋን፣ `I` ከሥሯ ያለውን የገጹን ክፍል፣ በላያቸው ላይ ያለው መስመርም አማካይን ያመለክታል፦

```
r = Σ (T − T̄)(I − Ī) / √( Σ (T − T̄)² · Σ (I − Ī)² )
```

በጨለማው ጎን ላለችው «በ» ይህን ብናሰላ፣ ከላይ ያለው 60 በ30 ሦስት ጊዜ፣ 90 በ45 ሁለት ጊዜ ተደምሮ 13,500 ይሆናል። ከታች የናሙናዋ ድምር 27,000፣ የገጹ ደግሞ 6,750 ነው፤ የብዜታቸው ስኩዌር ሩት 13,500 ነው። ውጤቱ ልክ 1 ሆነ። የዚህ ስሌት ውጤት ምንጊዜም በ-1 እና በ1 መካከል ነው፤ ከ1 የሚበልጥ የለም፤ ስለዚህ ጨለማው የቀነሳት ፊደል ከፍተኛውን ዋጋ አገኘች ማለት ነው። እግሯ አንድ ብቻ የሆነ ሌላ ፊደል፣ 200፣ 50፣ 200፣ 200፣ 200 ሆኖ ቢገኝ፣ ውጤቱ 0.61 ገደማ ይሆናል። ቀለሙና ብራናው ተገላብጠው 50፣ 200፣ 50፣ 200፣ 50 ቢሆን ደግሞ ውጤቱ -1 ይሆናል፤ ቅርጹ ያው ሆኖ ጨለማው በብርሃን፣ ብርሃኑ በጨለማ ቦታ ስለገባ ነው።

ይህ ጠባይ ለብራና መጻሕፍት ልዩ ጥቅም አለው። በመጻሕፍቱ ውስጥ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ እንዲሁም የክፍሎች መጀመሪያ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ይጻፋል። ፎቶው ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለወጥ ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ ይልቅ ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ በፊደሉና በብራናው መካከል ያለው ልዩነትም ያንሳል። ልዩነቱ ቢያንስም ቅርጹ አንድ እስከሆነ ድረስ ከታች ያለው ማካፈያ አብሮ ስለሚያንስ፣ ከጥቁር «በ» የተቆረጠች ናሙና ቀይዋን «በ» ታገኛታለች። ይሁንና ስሌቱ የሚታገሠው ናሙናዋ ያረፈችበትን ቦታ በሙሉ በአንድነት ያጨለመ ወይም ያፈዘዘ ለውጥን ነው። የጥላ ጠርዝ ፊደሏን መሐል ለመሐል ቢያቋርጣት፣ ወይም የእርጥበት ቋቁቻ ግማሿን ቢሸፍናት፣ ያ ጠርዝ ራሱ እንደ ቅርጽ ስለሚቆጠር ውጤቱ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ አያስፈልግም፤ ኦፕን ሲቪ የተባለው በነጻ የሚገኝ ላይብረሪ ያዘጋጀው ትእዛዝ አለ፦

```python
import cv2
page = cv2.imread("page.png", cv2.IMREAD_GRAYSCALE)
tmpl = cv2.imread("be.png", cv2.IMREAD_GRAYSCALE)
r = cv2.matchTemplate(page, tmpl, cv2.TM_CCOEFF_NORMED)
_, best, _, loc = cv2.minMaxLoc(r)
```

`best` ከሁሉ የበለጠውን ውጤት፣ `loc` ደግሞ ናሙናዋ ያረፈችበትን የላይኛውን ግራ ጥግ ይሰጣል፤ የፊደሏን መሐል አይደለም። ብዙ ሰው የሚደናገርበት ግን የዘዴው ስም ነው። `TM_CCORR_NORMED` የሚባል ወንድሙ አለ፤ እሱ ያካፍላል እንጂ አማካይ አይቀንስም። ቅድም ባየነው ባዶ ኅዳግ ላይ፣ 220 ብቻ በተደረደረበት ቦታ፣ ይህ ሁለተኛው ዘዴ 0.885 ይሰጣል፤ ምንም ያልተጻፈበት ብራና ከፊደሏ ጋር ዘጠና ከመቶ ገደማ ይመሳሰላል እንደ ማለት ነው። አንድ ሰው ውጤቶቹ ሁሉ ከ0.8 በላይ ሆነው ግራ ከገባው፣ ከምንም በፊት የትኛውን ዘዴ እንደጠራ ቢመለከት መልካም ነው። የፍጥነቱንም ነገር በአጭሩ ለመጥቀስ ያህል፣ ቅድም በቆጠርናቸው ቦታዎች ሁሉ ላይ 2000 ፒክስል ማባዛት ወደ 11.6 ቢሊዮን ብዜት ይደርሳል። ሥራውን የሚያቀልለው ብዜቱን ፉሪዬ ትራንስፎርም በተባለው የሒሳብ ዘዴ መሥራትና፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ የድምር ሰሌዳ አማካኝነት የማንኛውንም አራት ማዕዘን ድምር በአራት ቁጥሮች ብቻ ማግኘት ነው፤ ጄ. ፒ. ሌዊስ በ1995 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፈጣን መንገድ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ማካፈሉ የራሱን ችግርም ይዞ ይመጣል። ባዶው ኅዳግ ላይ ሁሉም ፒክስል 220 ከሆነ ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ ከታችም ዜሮ ይመጣል፤ በዜሮ ማካፈል ደግሞ ትርጉም የለውም። የፍላሽ ብርሃን ያነጣው፣ ሁሉም ነጥብ 255 የሆነበት ቦታ እንዲሁ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ዜሮ ለመሆን ትንሽ የቀረው ቦታ ነው። ኅዳጉ በካሜራው ጉርምርምታ፣ ማለትም ካሜራው ራሱ በየነጥቡ በሚጨምረው ጥቃቅን የቁጥር መዛባት ምክንያት 221፣ 219፣ 221፣ 219፣ 221 ቢሆን፣ ከአማካዩ ሲቀነስ 0.8፣ -1.2፣ 0.8፣ -1.2፣ 0.8 ይሆናል፤ ይህም ከናሙናችን ቁጥሮች ጋር ፍጹም ተመጣጣኝ ስለሆነ ውጤቱ 1 ነው። ዓይን ሊያየው የማይችል የሁለት ቁጥር ልዩነት እንደ ፍጹም «በ» ተቆጠረ። በአምስት ፒክስል እንዲህ ያለ አጋጣሚ ቀላል ነው፤ በ2000 ፒክስል ግን ሥርዓት የሌለው ጉርምርምታ የሚሰጠው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ 0.02 ያህል ብቻ የሚርቅ ነው። ስለዚህ ናሙናዋ እጅግ ትንሽ አትሁን፤ በተጨማሪም የገጹ ክፍል ልዩነት ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ውጤቱን ሳያዩ ማለፍ ያስፈልጋል። ይህን ዝቅተኛ መጠን ማስቀመጥ ብዙዎች የሚዘልሉት ነገር ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን አብዛኛውን ምክንያት የለሽ ግኝት የሚያስወግደው እሱ ነው።

መጠንና ዝንባሌም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። ስሌቱ ብርሃንን ይታገሣል እንጂ መጠንን አይታገሥም፤ ካሜራው ወደ ገጹ ቀርቦ ወይም ርቆ ከተነሣ የናሙናዋ እግሮች ከገጹ እግሮች ጋር አይገጥሙም። ብራናው በጥራዙ በኩል ሲጎብጥ መስመሮቹ ያዘነብላሉ፤ እዚያ ያሉ ፊደሎችም ዝቅ ያለ ውጤት ያገኛሉ። ገጾቹ ሁሉ ከአንድ ርቀት ተነሥተው ከሆነ ችግሩ ያንሳል፤ ካልሆነ ናሙናዋን በትንሹ እያሳነሱና እያሳደጉ፣ እያዘነበሉም መሞከር ነው።

እስካሁን ያለው ለማንኛውም ምስል የሚሆን ነው። በፊደላችን ላይ ግን ሌላ ፈተና አለ። «በ»፣ «ቡ»፣ «ቢ» በአካል አንድ ናቸው፤ ግዕዙን ከካዕቡ የሚለየው በቀኝ እግር ወገብ ላይ የምትወጣው አጭር አግድም ጭረት ብቻ ናት። የናሙናችንን ስፋት 40፣ ቁመቱን 50 አድርገን፣ ከ2000ው ፒክስል 600ው ቀለም የነካው ነው እንበል፤ የካዕቡ ጭረት 10 በ6፣ ማለትም 60 ፒክስል ይሁን። የቀረው ሁሉ በፍጹም አንድ ቢሆን፣ የ«በ» ናሙና በ«ቡ» ላይ ስታርፍ የምታገኘው ውጤት 0.93 ነው። አሁን ደግሞ ያው ጸሐፊ ሌላ ቦታ የጻፋትን እውነተኛ «በ» እንውሰድ። የሰው እጅ ማኅተም አይደለምና፣ እግሯ ትንሽ ቀና ወይም ሰፋ ብሎ፣ ከ600ው የቀለም ፒክስል 90ው ቦታቸውን ቢለቁ ውጤቷ ወደ 0.79 ይወርዳል። ልብ በሉ፦ የተሳሳተችው ፊደል 0.93፣ ትክክለኛዋ 0.79 አገኙ። ማለፊያውን፣ ማለትም ውጤቱ ካልደረሰበት ቦታውን የምንጥልበትን ቁጥር፣ 0.9 ላይ ብናደርግ እውነተኛዋ ትቀራለች፤ 0.75 ላይ ብናደርግ ሁለቱም ይገባሉ። የትኛውም ማለፊያ ሁለቱን ሊለይ አይችልም። ምክንያቱ ስሌቱ ሁሉንም ፒክስል እኩል ስለሚመለከት ነው፤ ለአንባቢ ትርጉም የምትለውጠው ጭረት ለእሱ ከመቶ ሦስት እጅ ብቻ ናት።

እዚህ ላይ ናሙናዋ እንዴት እንደተቆረጠች ራሱ ወሳኝ ነው። «በ»ን የቀኝ እግሯ ጫፍ ድረስ አጥብቀን ብንቆርጣት፣ የካዕቡ ጭረት ከናሙናዋ ውጭ ትቀራለች፤ ያን ጊዜ «በ» እና «ቡ» ከናካቴው አይለዩም፤ ካዕቧም ልክ እንደ ግዕዟ 1 ልታገኝ ትችላለች። ስለዚህ በቀኝ በኩል ጭረቷ ልትኖርበት የምትችለው ያህል ባዶ ብራና፣ በዚህ ምሳሌ 10 ፒክስል፣ አብሮ መቆረጥ አለበት። ከዚያ በላይ ከሰፋ ደግሞ የቀጣዩ ፊደል እግር ይገባና ናሙናዋ ያንን ጎረቤት ጭምር ትፈልግ ጀመር። በተመሳሳይ ምክንያት ሙሉ ቃል፣ ለምሳሌ «እግዚአብሔር»ን፣ ናሙና ማድረግ እንደሚታሰበው አይጠቅምም፤ ጸሐፊው በፊደሎቹ መካከል የሚተወው ክፍተት በየቦታው ስለሚለያይ፣ «እ» ስትገጥም «ር» ከቦታዋ ትወጣለች።

የሚሠራው መንገድ ፍለጋውን በሁለት ደረጃ መክፈል ነው። በመጀመሪያው ሙሉዋ ናሙና ዝቅ ባለ ማለፊያ፣ 0.7 አካባቢ፣ ገጹን ትዞራለች፤ ዓላማውም የ«በ»ን ቤተሰብ ሁሉ፣ ግዕዙንም ካዕቡንም ሣልሱንም፣ ሳያመልጥ መሰብሰብ ነው። አንዲት ፊደል ባለችበት ናሙናዋ አንድ ሁለት ፒክስል ወዲያና ወዲህ ብትልም ማለፊያውን ስለምታልፍ፣ በየፊደሉ ዙሪያ ብዙ ግኝቶች ይከማቻሉ፤ ከክምችቱ ከፍተኛው ብቻ ይያዝና ከናሙናዋ ስፋት ባነሰ ርቀት ያሉት ይሰረዛሉ።

በሁለተኛው ደረጃ ከእያንዳንዱ ግኝት ላይ ጭረቷ የምትኖርበት አካባቢ ብቻ ይቆረጣል። ጭረቷን ብቻ መቁረጥ ግን ወደ ባዶው ኅዳግ ችግር ይመልሰናል፤ በ«በ» ላይ ያ ቦታ ባዶ ብራና ስለሆነ ልዩነት የለውም፤ ስሌቱም የብራናውን ጸጉር ጉርምርምታ መለካት ይጀምራል። ስለዚህ የቀኝ እግሯ ቁራጭ አብሮ ይገባል። ስፋቱ 16፣ ቁመቱ 20 የሆነ ቁራጭ፣ 6 ፒክስል ስፋት ያለውን እግርና 10 ፒክስል የምትረዝመውን ጭረት ይይዛል፤ በጠቅላላው 320 ፒክስል ነው፤ እግሩ 120፣ ጭረቷ 60። በዚህ ትንሽ ቁራጭ ላይ በእግር ብቻና በእግር ከነጭረቱ መካከል ያለው ውጤት 0.68 ነው። ቅድም 0.93 ላይ ተጣብቀው የነበሩት ሁለት ፊደሎች አሁን በግልጽ ተራራቁ፤ ፊደሎቹ አልተለወጡም፣ የሚለያቸው ነገር በስሌቱ ውስጥ የያዘው ድርሻ ነው የጨመረው።

ውሳኔውም በቋሚ ማለፊያ ሳይሆን በማወዳደር ቢሆን ይሻላል። ያ ቁራጭ ከ«በ» እግር ናሙናና ከ«ቡ» እግር ናሙና ጋር ለየብቻ ይሰላል፤ የእግሩ ቦታ ከፊደል ፊደል ስለሚለያይም በየአቅጣጫው ሁለት ሦስት ፒክስል እየተንቀሳቀሰ የተሻለው ውጤት ይወሰዳል። የ«በ»ው 0.88፣ የ«ቡ»ው 0.61 ከሆነ ፊደሏ «በ» ናት። ሁለቱ 0.74 እና 0.71 ሆነው ከተቀራረቡ፣ ቀለሙ የተፈገፈገበት ወይም የላይኛው መስመር እግር ወርዶ የነካው ቦታ ሊሆን ይችላልና፣ የዚያች ፊደል ምስል ከነዙሪያዋ ተቆርጦ ለብቻው መቀመጥና ቃሉን ማንበብ ለሚችል ሰው መቅረብ አለበት፤ «በ» መሆኗን ወይም «ቡ» መሆኗን የሚወስነው በዚያን ጊዜ ከፊትና ከኋላ ያሉት ፊደሎች ናቸውና።